ከዜሮ በታች የወጡት ኮከቦች

ጎፈሬው እንደ ልማዱ ሳያንኳኳ ገባ። የመስታወት ክፍሉ በር ላይ «ሳያንኳኩ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ወረቀቱ ግን ለእሱ ዓይነቱ ሰው አልተጻፈም። ወጣት ነው፣ የከዋክብት ጥናት ዶክተር ነው፣ ጠጉሩ በሩን ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ በዚያ ላይ የምሥራች ይዟል።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አለ። «ቆመው የሚሰሙት ነገር አይደለም።»

እትዬ ማይክሮን መጀመሪያውኑም ተቀምጣ ነበር። ከፊቷ የተደረደሩትን የድሮ የፎቶ መስታወቶች አንድ በአንድ እያነሳች አቧራቸውን በለስላሳ ብሩሽ ትጠርግና በወረቀት ከረጢት ትከታቸዋለች። ዱሮ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ወደዚህ ግቢ ዝር ሳይል፣ በቴሌስኮፑ ሰማዩን የሚያነሱት በእነዚህ መስታወቶች ላይ ነበር። ብርሃኑ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ኮከብ ነው። አራት ሺህ መስታወት አለ፤ አራቱንም ሺህ በስም ታውቃቸዋለች ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ስሟን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ አንዴ የአንዱን ልኬት በአንዲት ማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺኛ፣ ተሳስተሃል ብላ ስለመለሰችበት። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጡረታ ልትወጣ ሰባት ወር ቀርቷታል።

«የለኪ ሁለትን ደብተር አገኘሁት» አለ ጎፈሬው፣ አንድ ያረጀ ደብተር ጠረጴዛው ላይ እየወረወረ። መወርወሩ ራሱ አበሳጫት። ከዚያ ደብተሩን አየችው፤ መበሳጨቷንም ረሳችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከዋክብት ጥናት ጣቢያው የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ የፕሮፌሰሩ ካታሎግ እንደገና ሊታተም ነው። ፕሮፌሰሩ ማለት የጣቢያው መሥራች፣ የእትዬ ማይክሮንም አባት ናቸው። ካታሎጉ የሁለት መቶ አርባ ኮከቦችን ርቀት ይዟል፤ ግማሾቹ የቅርብ፣ ግማሾቹ የሩቅ። ጎፈሬው የታዘዘው የድሮውን ቁጥር ዛሬ ሳተላይት ከለካው ጋር እያስተያየ መግቢያ እንዲጽፍ ነበር። በመጀመሪያው እትም ላይ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ጎፈሬው በቃሉ ይላታል፦ «የለኪ ሁለት ልኬቶች እምነት የማይጣልባቸው ሆነው ስለተገኙ በድጋሚ ተለክተዋል።»

«ይቺ ዓረፍተ ነገር ስም ማጥፋት ናት» አለ ጎፈሬው። «ሰውየው በዚህ ግቢ ከሠሩት ሁሉ አንደኛ ነው። ስልሳ የሩቅ ኮከብ ለካ። ሃያ አንዱ ከዜሮ በታች ወጣበት። እንደወጣበት ጻፈው! አልፋቀም፣ አልሰረዘም። አሁን የስልሳውን አማካይ ወስጄ ከሳተላይቱ ጋር ሳስተያየው ምን ልበልዎት፣ ልክክ!»

«ለኪ አንድስ?» አለች እትዬ ማይክሮን። ድምጿ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የወጣ መሰላት።

ጎፈሬው ሳቀ። «ለኪ አንድ ወይ አጭበርባሪ ነው፣ ወይ ተአምረኛ። መቶ ሃያ የሩቅ ኮከብ፣ አንድም ከዜሮ በታች የለም። ይህ አይሆንም፣ እትዬ። መቶ ሃያ ጊዜ ሳንቲም ወርውረህ መቶ ሃያውንም አንበሳ ወጣልኝ ካልክ ሳንቲሙን አሳየኝ ነው የምልህ።» ከዚያ ቁምነገረኛ ሆነ። «መግቢያው ሐሙስ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። የሁለቱንም ስም እፈልጋለሁ። እርስዎ የፕሮፌሰሩ ልጅ ነዎት፤ እስቲ ይጠይቁልኝ። እሳቸው ካላስታወሱ ግን የድሮውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ከመተው ሌላ ምርጫ የለኝም፤ ዳይሬክተሩ ያለ ስም የሚነካ ነገር የለም ብሎኛል።»

«እጠይቃለሁ» አለች። ጎፈሬው ወጣ። በሩንም አልዘጋውም።

ደብተሩ ላይ ያለው ጽሕፈት የወንድም ጋሼ ነው። ሰባቷን በመሃሏ ሰረዝ ያደርግባታል፤ ዜሮውን ሞላላ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ለኪ ሁለት እሱ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ። ለኪ አንድ ደግሞ እሷ ናት።

ልጆች ሳሉ አባታቸው ሥራቸውን ያስተማሯቸው በጣቢያው ግቢ ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ ነው። ወንድም ጋሼን በአንዱ ጫፍ፣ እሷን በሌላው ጫፍ ያስቀምጧቸዋል። ከዚያ እንጨት ይዘው ፊት ለፊታቸው ይቆማሉ፤ ከኋላቸው የግቢው የድንጋይ አጥር አለ። «እንጨቱ የትኛው ድንጋይ ላይ ነው ያረፈው?» ይላሉ። ከአንዱ ጫፍ ሲያዩት እንጨቱ አንዱ ድንጋይ ላይ ነው፤ ከሌላው ጫፍ ሲያዩት ሌላው ላይ። «አያችሁ? እንጨቱ አልተነቃነቀም፤ የተለያየው እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ ነው። የአግዳሚውን ርዝመት ካወቅኩ፣ እንጨቱ ስንት ድንጋይ እንደዘለለ ካወቅኩ፣ ሳልነካው ርቀቱን አውቃለሁ። ፓራላክስ ማለት ይኸው ነው።» ከዚያ እንጨቱን እያራቁ ወደ አጥሩ ይሄዳሉ። በራቁ ቁጥር ዝላዩ ያንሳል። አሥር ድንጋይ የነበረው አምስት ይሆናል፣ ሁለት ይሆናል፣ አንድ ይሆናል። አጥሩ አጠገብ ሲደርሱ ሁለቱ ልጆች የሚያዩት አንድ ዓይነት ይሆናል።

ወንድም ጋሼ እዚህ ላይ «አይታወቅም» ይል ነበር። እሷ ግን ሁልጊዜ መልስ አላት። «ግማሽ ድንጋይ ዘሏል፣ አባባ!» አባቷም ራሷን ይዳብሷታል። ውሸት አልነበረም፤ የዘለለ ይመስላት ነበር። አባባ ደስ የሚላቸውን ነገር ለማየት ዓይኗ የተፈጠረ ነበር።

ሲያድጉ አግዳሚው አደገ፤ ሥራው ግን ያው ነው። አሁን አግዳሚው ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ሆነ። ዛሬ አንድ ኮከብ ፎቶ ይነሳል፤ ምድር በስድስት ወር ወደ ማዶ ስትሻገር እንደገና ይነሳል። ከበስተኋላ ያሉት እጅግ ሩቅ ኮከቦች እንደ አጥሩ ባሉበት ይቆማሉ፤ ቅርቡ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ኮከቡ በራሱም ጊዜ ስለሚጓዝ ሁለት ፎቶ አይበቃም፤ የራሱን ጉዞ ከምድር ካመጣችው ፈቅታ ለመለየት ዓመታት የሚፈጅ፣ በርካታ መስታወት ያስፈልጋል። ከኮከቦች ሁሉ ቅርብ የሚባለው እንኳ በእነሱ መስታወት ላይ የሚያሳየው ጠቅላላ ፈቅታ የአንድ ጠጉር ውፍረት ቢያክል ነው። ይህን በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ ውስጡ የተወጠረችውን ቀጭን ክር ነጥቡ መሃል ለመሃል እያስገቡ፣ ክሯን የምታንቀሳቅሰውን የብረት ዘዋሪ ቁጥር እየጻፉ መለካት የሁለቱ ልጆች ሥራ ሆነ። እሱ ሃያ ዘጠኝ፣ እሷ ሃያ አምስት ዓመታቸው ነበር። መደበኛ ቅጥር አልነበራቸውም፤ የፕሮፌሰሩ ልጆች ናቸው፣ በቃ። ደብተሩ ላይም ስም አልተጻፈም፤ ለኪ አንድ፣ ለኪ ሁለት።

በቅርቦቹ ኮከቦች ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ። አርባ የብርሃን ዓመት፣ ሃምሳ የብርሃን ዓመት እስኪደርሱ ድረስ ልኬታቸው ዛሬም አያሳፍርም። ችግሩ የመጣው አባባ ወደ ሩቆቹ ሲሻገሩ ነው። አንድ ሺህ የብርሃን ዓመት የሚርቅ ኮከብ ፓራላክሱ የማዕዘን ሰከንድ፣ ማለትም የዲግሪ ሦስት ሺህ ስድስት መቶኛ፣ ሦስት ሺኛ ነው። የእነሱ መሣሪያ፣ የአየሩ መርገብገብ፣ የእጃቸውም ነገር ተደማምሮ የሚፈጥረው ስህተት ደግሞ ስምንት ሺኛ። የሚፈለገው ሦስት፣ ስህተቱ ስምንት! ዘዴው እዚያ ላይ ያበቃል። ስህተቱ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ ኮከቡ ቅርብ ይመስላል፤ ወደ ሌላው ሲገፋ ደግሞ ኮከቡ ወደማይገባው አቅጣጫ የፈቀቀ ይመስልና ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወጣል። ከሦስት ኮከብ አንዱ እንዲያ ሊወጣ ግድ ነው። የለኪው ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም እንዲያ ካልወጣ ነው ጥፋት ያለው። ሳተላይቱ ራሱ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር አውጥቷል፤ ባለቤቶቹም ሳይፍሩ እንዳለ አትመውታል።

ይህን ዛሬ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ያን ጊዜ አባባ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዜሮ የቀረበ ኮከብ የለም። «ከዜሮ በታች ርቀት የት አለ?» ብለው ይጮኹ ነበር። «ኮከቡ ከጀርባህ ነው ያለው? ወይስ ዓይንህ?» ወንድም ጋሼ ደብተሩን ይዞ ይቆማል። «የወጣልኝ ይሄ ነው፣ አባባ» ይላል። ሌላ ነገር መናገር አይችልበትም።

እሷም እኮ ይወጣባት ነበር። ከስልሳው ሃያው ገደማ ከዜሮ በታች ወጥቶባታል፤ ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሒሳቡን ሠርታ ስትጨርስ ያቺ የቅነሳ ምልክት ብቅ ካለች የአባቷ ጩኸት በጆሮዋ ይመጣል። ያኔ መስታወቱን እንደገና ታነሳለች። እንደገና ትለካለች። «ይሄኛው ነጥብ ደብዛዛ ነው» ብላ አንዱን መስታወት ትጥላለች፤ ክሯን በግማሽ ማይክሮን ገፋ ታደርጋለች። ዜሮን እስኪያልፍ። አንዱን ኮከብ አሥራ አንድ ጊዜ ለክታዋለች። ዜሮን ሲያልፍላት ደግሞ ዳግመኛ አትነካውም፤ ትክክል የሆነ ነገር እንደገና መለካት አያስፈልገውምና። እንዲህ እያደረገች ሺህ የብርሃን ዓመት የሚርቁትን ኮከቦች አራት መቶ ላይ አመጣቻቸው፤ በብዕር ብቻ።

ከዚያ አንድ ቀን አባባ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘረጉ። የእሷ ንጹሕ፣ የእሱ በቅነሳ ምልክት የተሞላ። «እህትህን እይ!» አሉ። «አንድ መሣሪያ፣ አንድ ቤት፣ አንድ እናት። ልዩነቱ እጅህ ነው። የማይረባ እጅ ነው እግዜር የሰጠህ።» ወንድም ጋሼ እህቱን አያት። የቁጣ አስተያየት አልነበረም፤ እንዴት አድርገሽ ነው ብሎ የመጠየቅ ነበር። እሷ ጠረጴዛውን አየች። በሳምንቱ ልብሱን በሻንጣ ይዞ ወጣ፤ የእሱ ስልሳ ኮከብም ለእሷ ተሰጠ። ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው።

ጎፈሬው በመጣበት በዚያ ማክሰኞ እትዬ ማይክሮን ከሥራ ሰዓቷ በፊት ወጣች። በሥራ ዘመኗ ይህን ስታደርግ ሁለተኛዋ ነው፤ የመጀመሪያው እናቷ የሞተች ቀን ነበር። በዚያ ቀብር ወንድም ጋሼ መጥቶ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር፤ አፈሩ ሳይደለደል ሄደ።

አባባ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ሬዲዮናቸውን በጆሯቸው አስደግፈው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ብርሃንና ጨለማን ከመለየት ያለፈ ነገር አይሠራም፤ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ ነው። እሷን በእግሯ ኮቴ ያውቋታል።

«ሽፋኑ ምን ዓይነት ቀለም ሆነ?» አሉ። ስለ ካታሎጉ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ወሬ የላቸውም።

«አባባ፣ ሬዲዮውን ላጥፋው። የምነግርዎት ነገር አለ።»

ነገረቻቸው። ከጎፈሬው ጀምራ እስከ ሃያው ኮከብ፣ እስከ አሥራ አንዱ ጊዜ ነገረቻቸው። ወንበራቸውን ገፍተው ይነሳሉ፣ ይጮኻሉ፣ ከቤቴ ውጪ ይሏታል ብላ ጠበቀች። ባይነሱ እንኳ ያለቅሳሉ አለች በሆዷ። እሳቸው ግን ጨርሰው ሰሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«የቅርቦቹስ? ትክክል ናቸው?»

«ትክክል ናቸው።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው።»

«አባባ፣ አልሰሙኝም? ወንድም ጋሼን ያስባረርኩት እኔ ነኝ።»

«ልጄ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ደከም ባለ ድምፅ፤ «ከመቶ ሃያ የሩቅ ኮከብ አንዱም ከዜሮ በታች ሳይወጣ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ የማላውቅ ይመስልሻል?»

እትዬ ማይክሮን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የፈራችው አንድ ነገር ነበር፤ አባባ ያወቁ ዕለት። በየቀኑ ቁርስ ስታቀርብላቸው፣ መድኃኒታቸውን ስትሰጣቸው፣ ያቺን ዕለት ስትፈራ ነው የኖረችው። ትዳር ያላለችውም፣ ከዚህ ቤት ያልወጣችውም ለዚያ ነው። ዕለቲቱ ለካ አልፋለች።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለች።

«ያኔማ አላየሁትም። ያኔ ዓይኔም ልቤም ካታሎጉ ላይ ነበር። በኋላ ነው፤ ከታተመ ሁለት ዓመት ሆኖት ይሆናል። ከውጭ አገር አንድ ወረቀት መጣ፣ ስለ ስህተት ሥርጭት የሚናገር። አነበብኩት። የአንቺን ደብተር አወጣሁ። ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠሩትም?»

«ታትሞ ነበራ!» አሉ፤ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር መጠየቋ የገረማቸው ይመስላሉ።

ከውጭ የጎረቤት ልጆች ኳስ ከአጥር ጋር ሲያጋጩ ይሰማል። አባባ እጃቸውን ዘረጉና ክንዷን ፈልገው ያዙት። ደግነት ባለው ድምፅ ነው የተናገሩት፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

«ተይው። ወንድምሽ ለምዶታል። ሠላሳ አራት ዓመት የለመደውን ነገር ማን ይነካበታል? እኔ ግን በዚህ ዕድሜ ምንም ነገር አልለምድም። ለዚያ ልጅ አባባ አላስታወሱም በይው።»

ሬዲዮናቸውን ከፈቱ። እሷ ወደ ጓዳ ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ውኃው ሲወርድ ቆማ አየችው። በአባቷ ተናደደች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቁጣው ግን ከደቂቃ በላይ አልቆየላትም፤ ዞሮ እሷው ላይ መጣ። እሳቸው የሸጡት ልጃቸውን ከሆነ ሚዛኑን ያዛባችላቸው እሷ ናት።

ሐሙስ ጠዋት ጎፈሬው ቢሮ ሄደች። ወንበር አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም። በራሷ እጅ የጻፈችውን ሰጠችው፦ «በመጀመሪያው እትም የለኪ ሁለት ልኬቶች እምነት የማይጣልባቸው ናቸው የተባለው ሐሰት ነው። ለኪ ሁለት የፕሮፌሰሩ ወንድ ልጅ ነው፤ ልኬቶቹም ትክክለኛ ነበሩ። ለኪ አንድ እኔ ነኝ። ከዜሮ በታች የወጡትን ኮከቦች ከዜሮ በላይ እስኪወጡ ድረስ ደጋግሜ ለክቻለሁ። የሩቅ ኮከቦቹ መቶ ሃያ ቁጥሮች ሊሰረዙ ይገባል።» ከታች ሙሉ ስሟንና ፊርማዋን አኑራለች።

ጎፈሬው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከትናንት ወዲያ «አጭበርባሪ» ያላት ትዝ አለው መሰል ፊቱ ቀላ። ሊያስተባብል አፉን ከፈተና ተወው፤ የሚስተባበል አልነበረም።

«አመሰግናለሁ» አለ። እትዬ የምትለውን ቃል ዋጣት። እስከ ጡረታዋ ድረስም አልመለሳትም።

በምሳ ሰዓት ወንድሟ ወደሚሠራበት ሄደች። የሲሚንቶ መጋዘን ነው፤ ግቢው፣ ግድግዳው፣ ሰዉ፣ ድመቶቹ ሳይቀሩ አመድማ ናቸው። ወንድም ጋሼ እዚያ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ወገቡ አልዘረጋ ብሎት ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ አሁንም ግን መኪና ሲመጣ እንደ ወጣቶቹ ይሸከማል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ትመጣለች፤ ስለ ጤና ያወራሉ፣ ስለ አባባ አይጠይቅም፣ አትነግረውም።

የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሚጡ!» አለ፣ በልጅነት ስሟ። «ምነው በደህና? አባባ...?»

«ደህና ናቸው» አለች። አጠገቡ ተቀመጠች፤ ቀሚሷ የሲሚንቶ አቧራ ለበሰ። ለጎፈሬው የሰጠችውን ጽሑፍ ግልባጭ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው። መነጽር የለውም። «አንብቢልኝ» አለ።

አነበበችለት። ሲሰማ ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ሲሚንቶው የሸፈነው ፊት ቢለወጥስ በምን ይታወቃል? ስትጨርስ እንደገና እንድታነብለት በእጁ ምልክት ሰጣት። እንደገና አነበበች። «ሃያ አንዱ ከዜሮ በታች መውጣት የነበረባቸው ናቸው» አለችው። «ከሳተላይቱ ጋር ገጥሟል። ደብተርህን ያገኘው ወጣት ዶክተር በጣቢያው ከሠሩት ሁሉ አንደኛ ነው ብሎሃል። ይቅርታ ማለት አልችልም፣ ወንድም ጋሼ። ቃሉ ያንሳል። ስደበኝ፣ ምታኝ።»

«እጄ አይደለም እንዴ?» አለ።

«እጅህ አይደለም። እጅህ ምንም አልሆነም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በቀስታ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ተናገረ።

«እኔ እኮ አባባን ተቀይሜ አላውቅም። አንቺንም። እውነቱን ነው የነገሩኝ ብዬ ነው። ከቤት እንደወጣሁ አንድ የመነጽር ቤት ሰውዬ ና መስታወት ሞርድልኝ፣ ሙያ አለህ ብሎኝ ነበር፤ እጄ ለጥቃቅን አይሆንም ብዬ እምቢ አልኩት። ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለት ጊዜ መለስኩት። የሚለካ ነገር፣ የሚመዘን ነገር ባየሁ ቁጥር እሸሻለሁ። እዚህም ሒሳቡን ያዝልን ሲሉኝ እሸከማለሁ አልኩ። ልጄ በፈተና ወድቃ ስትመጣ ከእኔ ወርሳው ነው አልኩ፤ ትምህርቱን ተይው፣ እኛ አይሆንልንም አልኳት። ተወችው።»

«ወንድም ጋሼ...»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ስለማልችል ነው እዚህ የደረስኩት ስል ኑሮው የራሴ ነበር። አይከፋኝም ነበር፣ ሚጡ። ወገቤን እያመመኝም አይከፋኝም ነበር። እችል ኖሯል ካልሽኝ ግን...» ወደ መጋዘኑ፣ ወደ ተቆለለው ከረጢት፣ ወደ ራሱ ጫማ ተራ በተራ አየ። «እስቲ አንቺ ለኪ ነሽ፤ ንገሪኝ። ይሄ የኖርኩት የማን ኑሮ ነው?»

የሚያወርዱት መኪና ገብቶ ጥሩምባ ነፋ፤ አለቃው በስሙ ጠራው። ተነሣ፣ ትከሻው ላይ የሚያደርጋትን ጨርቅ አነሳና ሄደ። ወረቀቱን ሳጥኑ ላይ ትቶት ነበር። እትዬ ማይክሮን የመኪናው ግማሽ እስኪራገፍ ድረስ እዚያው ተቀምጣ ጠበቀችው፤ በአጠገቧ አሥር ጊዜ አለፈ፣ አንድም ጊዜ ቀና አላለም።